«እኔን!» የማንለው ለማን ነው? ሰው ፊት ከተሳሳቱ በኋላ ራስን ስለማናገር

መንገድ ላይ የማናውቀው ሰው ድንጋይ አደናቅፎት ሲንገዳገድ ብናይ ሳናስበው ከአፋችን የሚወጣው ቃል «እኔን!» ነው። ሰውየው ስልኩን እያየ ይሄድ እንደነበር ወይም ጫማው ልክ እንዳልሆነ ለመመርመር ጊዜ አንወስድም፤ አስቀድመን ሕመሙን ለራሳችን እንመኛለን፣ ቀጥለን «አይዞህ» እንላለን፣ የወደቀ ዕቃ ካለም አንሥተን እንሰጠዋለን። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚነሣው፣ ከተነሣ፣ ከዚያ በኋላ ነው። ይኸው ሰው ግን ራሱ በሕዝብ ፊት ሲሳሳት፣ ንግግር ሲጠፋበት ወይም ያቀረበው ሥራ ሲከሽፍበት ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ፍርዱ መጀመሪያ ይመጣል፣ «አይዞህ» ግን ጨርሶ አይመጣም። ማታ ተጋድሞ ለራሱ የሚናገረውን ቃል ለሌላ ሰው ቢናገረው ኖሮ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃቸው ነበር።

ይህ ማብራሪያ ስለዚያች ማታ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለራስ መራራት የሚሉት ነገር ሰው ፊት ከተዋረዱ በኋላ ምን ማለት እንደሆነ፣ ራስን ከማሞካሸትና ከማመካኘት በምን እንደሚለይ፣ በተግባርም ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገሮች እንደሚነገሩበት አንድ ምሳሌ ይዤ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ምሳሌው ከእድር ይሁን። የአንድ ሰፈር እድር 120 አባላት አሉት፣ እያንዳንዱ አባል በወር 100 ብር ያዋጣል፤ ስለዚህ የዓመቱ መዋጮ 144,000 ብር ነው። ካለፈው ዓመት የዞረ 38,400 ብር አለ፣ በዓመቱ ውስጥ ለቀብር፣ ለድንኳንና ለዕቃ የወጣው ደግሞ 96,150 ብር ነው። በባንክ መገኘት ያለበት ቀሪ 86,250 ብር ይሆናል። ገንዘብ ያዥዋን ሰናይት እንበላት። ሰናይት እሁድ ጠዋት በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቆማ ሪፖርቱን ስታነብ ቀሪው 124,650 ብር ነው አለች። አንድ አዛውንት እጃቸውን አውጥተው፣ «የኔ ልጅ፣ የባንክ ደብተሩ ላይ ያለው 86,250 ነው፤ 38,400 ብር የት ገባ?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰናይት ወረቀቱን ገለባበጠች፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ቃል ጀምራ አቋረጠች። ከኋላ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ። ሰብሳቢው «ነገሩ ተጣርቶ ይቀርባል» ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገሩ፣ እርሷም ተቀመጠች። የሆነው ይኸው ነው፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ማታ ራስጌዋ ላይ የተሰማት ድምፅ ደግሞ ይህን ይላል፦ «አንቺ ድሮም ቁጥር አይገባሽም። ሁሉም ሌባ ናት ብሎ ነው የወጣው። ሁለተኛ ሰው ፊት የምትቆሚበት ዓይን የለሽም። ነገ ደብዳቤ ጽፈሽ ልቀቂላቸው።»

ይህ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ከሰውነት መጀመር ይቀላል። በሰዎች ዓይን ፊት መመዘን ለሰው ልጅ ከብርቱ አስደንጋጭ ነገሮች አንዱ ነው። ሳሊ ዲከርሰንና ማርጋሬት ኬመኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን የለኩ 208 የቤተ ሙከራ ጥናቶችን አሰባስበው መርምረው ነበር። ሆርሞኑን አብልጦ ከፍ ያደረገው ሥራው ከባድ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነበር፤ አንደኛው ሌሎች ሰዎች እያዩ የሚመዝኑን መሆናቸው፣ ሁለተኛው ውጤቱ ከእጃችን የወጣ መሆኑ ነው። ሰናይት ቆማበት የነበረው ቦታ ሁለቱንም ያሟላ ነው። በዚያች ሰዓት እጇ የተንቀጠቀጠውና አንደበቷ የተሳሰረው ቁጥር ስለማይገባት ሳይሆን ሰውነቷ አደጋ መጣ ብሎ ስለተነሣ ነው። ሆርሞኑ ነገሩ ካለፈ በኋላ በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ ሰውየው ግን ትዕይንቱን በሐሳቡ ደጋግሞ ካብሰለሰለው ሰውነቱ አደጋው ገና እንዳላለፈ ይቆጥረዋል። ወቃሹ ድምፅ የሚሠራው ሥራም ይህ ነው። አዳራሹ ተዘግቷል፣ አዛውንቱም ቤታቸው ገብተው ተኝተዋል፤ ሰናይት ግን በገዛ አንደበቷ ጉባኤውን እንደገና ትጠራዋለች።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሐኪም ፖል ጊልበርት ራሳቸውን አጥብቀው የሚወቅሱ ሰዎችን ለማከም የደከሙ ሰው ናቸው፤ የእርሳቸው አስተሳሰብ ለዚህ ይረዳናል። በሰው ውስጥ አደጋን የሚከላከል ሥርዓት እንዳለ ሁሉ የሚያረጋጋም ሥርዓት አለ ይላሉ፤ ይህ ሁለተኛው ሕፃን በእናቱ ድምፅና ንክኪ ሲጽናና የሚነቃው ነው። ስድብ ከውጭ ቢመጣም ከውስጥ ቢመጣም የሚቀሰቅሰው የመጀመሪያውን ነው። የማጽናኛ ቃልም እንደዚሁ ከሌላ ሰው ቢሰማም ከራስ ቢነገርም ሁለተኛውን መቀስቀስ ይችላል። ስለዚህ ማታ ራስን በምን ድምፅ ማናገር እንዳለብን ስንጠይቅ በየትኛው ሥርዓት ውስጥ ሆነን ስለ 38,400 ብሩ እናስብ ብለን መጠየቃችን ነው። በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ድምር ማረም አይሆንለትም።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚያነሣው ተቃውሞ አለ፤ እኔም ለረጅም ጊዜ የያዝሁት ነበር። ሰው ራሱን ካልወቀሰ እንዴት ይታረማል? ያደግነው በቁጣና በአርጩሜ ነው፣ ይሉኝታም እንደ አጥር ሆኖ ከብዙ ስሕተት ጠብቆናል፤ ለራሱ የሚራራ ሰው ሰነፍ ይሆናል ብለን እንፈራለን። ይህ ፍርሃት ከንቱ ስላልሆነ ተፈትኗል። ጁሊያና ብሬንስና ሴሬና ቼን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያደረጉትን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። ተማሪዎችን ሆን ተብሎ ከባድ የተደረገ የቃላት ፈተና ፈተኗቸው። ከዚያ ለአንደኛው ቡድን በዚህ ዓይነት ፈተና መቸገር በብዙ ተማሪ ላይ የሚደርስ መሆኑን፣ በውጤታቸው ቢከፉም በራሳቸው ላይ እንዳይጨክኑ ነገሯቸው። ለሁለተኛው ቡድን በርክሌይ እስከገቡ ድረስ ብልህ መሆናቸው የታወቀ ነው ብለው አሞገሷቸው። ለሦስተኛው ምንም አላሉም። ከዚያ ለሁሉም ሁለተኛ ተመሳሳይ ፈተና እንደሚኖር ተናግረው የፈለጉትን ያህል ጊዜ እንዲያጠኑ የቃላት ዝርዝር ሰጧቸው። ረዘም ላለ ጊዜ የተቀመጠውና ያጠናው «አትጨክኑ» የተባለው ቡድን ነበር፤ ከተሞገሰውም ምንም ካልተባለውም በልጧል።

ምክንያቱ የሚገባን የሰናይትን ማታ መለስ ብለን ስናይ ነው። ወቃሹ ድምፅ በመጨረሻ ያዘዛት ምን ነበር? ልቀቂ ነው ያላት። ድምሩን ፈትሺ፣ ደብተሩን አመሳክሪ አላላትም። ስሕተቱ የማንነቷ መግለጫ ከሆነ የሚታረም ነገር አይኖርም፤ የቀረው መሸሽና መደበቅ ብቻ ይሆናል። በአማርኛ ሐፍረትና ጸጸት ብለን ሁለት ቃል የያዝነው ያለ ነገር አይመስለኝም። ጸጸት ያደረግሁትን ያሳየኛል፣ እጄንም ወደ ጥገናው ይመራዋል። ሐፍረት ሲበረታ ግን የሚያሳየኝ ራሴን ብቻ ነው፤ ፊትን ያስሸፍናል። «ከውርደት ሞት ይሻላል» የሚለው አባባላችን የሚናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው፣ ከእርሱ ውስጥ የተስተካከለ ሪፖርት አይወጣም።

እንግዲህ ለራስ መራራት ምን ማለት እንደሆነ በቅጡ እንበል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን የሚያስተምሩት ክሪስቲን ኔፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ጉዳዩን ለመለካት የሚያስችል መጠይቅ ሲያወጡ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ እንደሚሄዱ ጽፈዋል። አንደኛው የሆነውን ሳያሳንሱም ሳያጋንኑም ልክ እንደሆነ ማየት ነው። ሁለተኛው ይህ በሰው ላይ የሚደርስ ነገር መሆኑን፣ ብቻዬን የተረገምሁ አለመሆኔን ማስታወስ ነው። ሦስተኛው ለሚወዱት ሰው የሚናገሩትን ቃል በሚናገሩበት ድምፅ ለራስ መናገር ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን ብቻ ይዘው ይሮጣሉ፤ የሚከሽፍባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ሳይኖር ሦስተኛው ሽንገላ ይሆናል፣ ውስጣችንም ሽንገላን ለይቶ ያውቃል። በካናዳ ጆአን ውድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «እኔ ተወዳጅ ሰው ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለራሳቸው እንዲደጋግሙ ሲደረጉ ስሜታቸው ይበልጥ ወርዶ ተገኝቷል። ሰናይትም ያን ማታ መስታወት ፊት ቆማ «አንቺ ጎበዝ የሂሳብ ሰው ነሽ» ብትል ውስጧ «38,400ውስ?» ብሎ ያፋጥጣታል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው የሆነውን በጽሑፍ ማስፈር ነው፤ በሐሳብ ብቻ ከተተወ ወዲያው ወደ ማብሰልሰል ይመለሳል። የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር አንድ ፈተና ማለፍ አለበት፤ በአዳራሹ ውስጥ ከነበሩት 120 ሰዎች ማንኛውም ቢያነበው «አዎ፣ ይህ ሆኗል» ሊል ይገባል። «ቀሪውን 124,650 ብዬ አነበብሁ» ይህን ፈተና ያልፋል። «ስጠየቅ መመለስ አቃተኝ» ያልፋል። «ሁሉም ሌባ ናት ብሎ ወጣ» አያልፍም፤ በሰው ልብ ገብታ ያነበበችው ነውና። «ድሮም ቁጥር አይገባሽም» የሚለውም አያልፍም፣ የአንድ ቀን ድምር የዕድሜ ልክ ታሪክ ተደርጎ ተነግሯልና። ወቃሹ ድምፅ ከሚናገረው ውስጥ ይህን ፈተና የማያልፈው ሲወጣ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት መስመር ብቻ ይተርፋል። ያ የተረፈው ግን እውነት ስለሆነ መቀበል ያስፈልጋል፤ መራራት የሚያስፈልገውም ለእርሱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ በማን ስም እንናገር የሚለው ሲሆን አማርኛ እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለው። «አይዞህ» እንላለን፣ «አይዞሽ»፣ «አይዟችሁ»፣ አብረን ስንሆንም «አይዞን» እንላለን፤ «አይዞኝ» የሚል ሰው ግን እምብዛም አይገጥመንም። ቃሉ ራሱ ከሌላ ሰው አፍ መምጣትን የሚፈልግ ይመስላል። «እኔን!»ም ለሌላ ሰው እንጂ ለራስ የሚነገር ቃል አይደለም። እንግዲያው ለራሱ አይዞህ ማለት የሚፈልግ ሰው ለአፍታ ከራሱ ወጥቶ ራሱን እንደ ሌላ ሰው መጥራት ይኖርበታል ማለት ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ጥናትም ወደዚሁ ያመራል። በሰዎች ፊት ንግግር እንዲያቀርቡ የተደረጉ ሰዎች አስቀድመው ስለ ስሜታቸው ሲያስቡ ከፊሎቹ «እኔ» እያሉ፣ ከፊሎቹ ራሳቸውን በስማቸው እየጠሩ እንዲያናግሩ ተነገራቸው። ራሳቸውን በስማቸው የጠሩት በመዛኞች ዘንድ የተሻለ ተናግረው ተገኙ፣ ከንግግሩ በኋላም በሐፍረት ማብሰልሰላቸው ያነሰ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ይህ ከራሴ ትዝብት ነው። ወቃሹ ድምፅም ቢሆን የሚናገረው «አንቺ» እያለ ነው፣ ስለዚህ ከ«እኔ» ወደ «አንቺ» መሸጋገር ብቻውን ምንም አይፈይድም። ልዩነቱ ያለው ከስሙና ከድምፁ ላይ ነው። ወቃሹ በስም አይጠራም፣ ወይም ከጠራ የሚጠራው በተማሪ ቤት ቁጣ ነው። ሰው ራሱን እናቱ ወይም አክስቱ በሚጠሩበት አጠራር፣ በቁልምጫውም ቢሆን፣ ሲጠራ ቀጥሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር በስድብ መጨረስ ይከብደዋል። ሞክራችሁ እዩት።

ሰናይት ያን ማታ የምትጽፈው እንግዲህ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ሰንዬ፣ ዛሬ በጉባኤው ፊት ቀሪውን 124,650 ብር ብለሽ አነበብሽ፤ ትክክለኛው 86,250 ብር ነው። ልዩነቱ 38,400 ብር ሲሆን እርሱም ካምና የዞረው ነው። ከማጠቃለያው ራስጌ ላይ ጽፈሽው ነበር፣ በገቢው ዝርዝር የመጀመሪያ መስመር ላይም ደግመሽ አስገባሽው፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተደመረ። ከእድሩ ገንዘብ አንድ ብር አልጠፋም። ሲጠይቁሽ መልሱ ጠፋብሽ፣ ድምፅሽም ተቆራረጠ። ይህ በጣም ያማል፣ በተለይ የሰው ገንዘብ ለያዘ ሰው፤ ሌባ እንዳይሉኝ ብለሽ መደንገጥሽ አደራውን ስለምታከብሪ ነው። ብዙ ሰው ፊት ቆሞ ያልተጠበቀ ጥያቄ ሲመጣ አንደበቱ የሚታሰር ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። አይዞሽ። ጥፋትሽ ይህ ነው፤ ማጠቃለያውን ቅዳሜ ማታ ብቻሽን ሠርተሽ ከባንክ ደብተሩ ጋር ሳታመሳክሪ አሳተምሽው። ነገ ጠዋት ለሰብሳቢው ደውለሽ ስሕተቱ የት እንደሆነ ትነግሪያቸዋለሽ፣ የተስተካከለውን ገጽ ከባንክ ደብተሩ ቅጂ ጋር ለኦዲት ኮሚቴው ትሰጫለሽ። ስለ መልቀቅ ዛሬ አትወስኚም።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ምስጋና የለም። ጥፋቱ በስሙ ተጠርቷል፣ እንዲያውም ከወቃሹ ድምፅ ይልቅ በዝርዝር ተነግሯል፤ ወቃሹ ያን ሁሉ ሰዓት ሲጮህ ከዞረው ገንዘብ አጠገብ እንኳ አልደረሰም ነበር። «ስለ መልቀቅ ዛሬ አትወስኚም» የሚለው መስመር ትንሽ ቢመስልም ከሁሉ አስፈላጊው ይመስለኛል። ከውርደት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚወሰን ውሳኔ ሁሉ ማለት ይቻላል የመሸሽ ውሳኔ ነው።

ሰዎች ስለ እኔ ምን አሉ የሚለው ግን በደብዳቤም ቶሎ አይለቅም። ማርክ ሊሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ሰዎች አንድ የሚያሳፍር ነገር ሲሠሩ በቪዲዮ ተቀርጸው ራሳቸውን እንዲመለከቱ ተደርገው ነበር። ለራሳቸው የማይራሩት ሰዎች ራሳቸውን የመዘኑት ሌሎች ተመልካቾች ከመዘኗቸው ባነሰ ዋጋ ነበር። ይህ ግን የሰናይትን ጉዳይ ሙሉ በሙሉ አይፈታውም። ማንም አላስተዋለም ማለት በእርሷ ላይ ሐሰት ነው፣ አባላቱ የራሳቸው ገንዘብ ስለሆነ ቁጥሩን በደንብ አስተውለዋል። የእጇን መንቀጥቀጥ ግን ከእርሷ ሌላ ደጋግሞ የሚያስበው ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም። እነርሱ የሚፈልጉት ስለ 38,400 ብሩ መልስ ነው፤ እርሱ ደግሞ በእጇ አለ።

ነገሩ የሚበላሽባቸው መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ማመካኛ ነው፤ «ሰብሳቢው ቀድሞ ሊያየው ይገባ ነበር፣ አዛውንቱም ሆን ብለው አዋረዱኝ» የሚል ለስላሳ ድምፅ ርኅራኄ መስሎ ሊመጣ ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ድምፁ ወዴት እንደሚመራ ማየት ይበቃል። እውነተኛው ርኅራኄ በመጨረሻ ወደ ስልኩና ወደ ደብተሩ ይመራል። ማመካኛ ሌላ ሰው ላይ ጣት ቀስሮ ይቆማል፣ በማግስቱም የሚደወል ስልክ አይኖርም።

ሁለተኛው ይበልጥ የተደበቀ ነው። አንዳንድ ሰው ለራሱ መልካም ቃል ሲናገር በእፎይታ ፈንታ ብርቱ ኀዘን፣ ቁጣ ወይም ፍርሃት ይመጣበታል፤ ዕንባም ሊያሸንፈው ይችላል። ይህ በተለይ በልጅነታቸው መልካም ቃል ሳይሰሙ ባደጉ ሰዎች ላይ የሚታይ ሲሆን ፖል ጊልበርት ርኅራኄን መፍራት ብለው ያጠኑት ነው። በአመድ የተዳፈነ ፍም ሲገለጥና አየር ሲያገኝ መልሶ እንደሚቀላ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዘዴው ለእኔ አይሆንም ብሎ ይደመድማል፤ ወይም ይባስ ብሎ «ለራሴ መራራት እንኳ አቃተኝ» እያለ አዲስ ወቀሳ ይጀምራል። እዚህ ላይ ቃሉን ማብዛት አይረዳም። ደብዳቤውን ለጊዜው አቁሞ እግሩ ወለሉን መንካቱን ልብ ማለት፣ ትንፋሹን ከሚያስገባበት ይልቅ ረዘም አድርጎ ማስወጣት፣ ወይም አንድ የቤት ሥራ መሥራትና ሲረጋጋ በሁለት መስመር ብቻ መመለስ ይሻላል። ለአንዳንዱ ደግሞ መጀመሪያ ለሌላ ሰው፣ ለምሳሌ ተመሳሳይ ስሕተት ለሠራች ታናሽ እኅቱ ጽፎ ከዚያ ስሙን መለወጥ ይቀለዋል።

ወሰኑም መነገር አለበት። ሰናይት ገንዘቡን በእርግጥ አጉድላ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር፤ ለራስ መራራት በዳይን ከተበዳዩ ፊት ከመቆም አያድነውም፣ ይቅርታ መጠየቅንና መተካትን አይተካም። ሰፈሩ ስሟን ካነሣም ሐሜቱን የሚያቆመው የተስተካከለው ሪፖርት እንጂ የማታው ደብዳቤ አይደለም። ደግሞም ከውርደቱ በኋላ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካልተበላ፣ ሥራና ሰው ካስጠላ ጉዳዩ ከወቀሳ አልፎ የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ሊሆን ስለሚችል በአቅራቢያ ካለ ጤና ተቋም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። «ሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት መጠበቅ የለም፤ በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ተናግሮ አብሮ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ሰናይት ሰኞ ጠዋት ለሰብሳቢው ስትደውል ድምፅዋ አሁንም ትንሽ ተቆራርጧል። «ጋሼ፣ የትናንቱን አግኝቼዋለሁ፤ የዞረው ሁለት ጊዜ ተደምሮ ነው» አለቻቸው። እርሳቸውም ለቀጣዩ ወር ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ አድርገው ያዙላት። በስብሰባው ዕለት የተስተካከለውን ገጽ ስታነብ የባንክ ደብተሩን ከፍታ ከፊቷ አስቀመጠችው፣ 86,250 ላይ ስትደርስም ጣቷን በቁጥሩ ላይ አድርጋ ቆም አለችና አዛውንቱን አየቻቸው። እርሳቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የራሳቸውን ቅጂ እየተመለከቱ ነበር፤ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና ገጹን ገለጡ።